«ካጨስኩ ሦስት ሳምንቴ ነው»

የአክስቴ ልጅ ስልክ ሲደውል ሰላምታ አያስቀድምም። የዚያን ቀንማ ጭራሽ ተቆጥቶ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ የእናንተ ላቦራቶሪ የሚሉት ነገር ውሸታም ነው እንዴ?» አለኝ። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል፣ በሾፌርነት ይሠራል፣ ዕድሜው ሃምሳ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የሕይወት ኢንሹራንስ ለመግዛት ወሰነ። ፎርሙን ሞላ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ የኩባንያው ተወካይ ቤቱ ድረስ መጣች፤ ክብደቱንና የደም ግፊቱን ለካች፣ አንድ ቱቦ ደም ቀዳች፣ ሽንት በብልቃጥ ወሰደች። ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጣው ደብዳቤ ወርኃዊ ክፍያውን እጥፍ ከማድረግ አልፎት ነበር። ምክንያቱ በአንድ ቃል ተጽፏል፤ ኮቲኒን።

«እኔ ካጨስኩ ሦስት ሳምንቴ ነው። ይኼ ደግሞ አጫሽ ነህ ይለኛል» አለ።

«ጋሼ፣ ክንድህ ላይ ምን ለጥፈሃል?» አልኩት።

ዝም አለ። ሐኪሙ ያዘዘለት የኒኮቲን ፓች ነበር፣ ባለ 21 ሚሊግራሙ። ላቦራቶሪው አልዋሸም። እሱም አልዋሸም። ምርመራው የተጠየቀውና የአክስቴ ልጅ ተጠየቅሁ ብሎ ያሰበው ጥያቄ ግን የተለያየ ነው። በሥራዬ ዓመታት ያየሁት የኮቲኒን ጭቅጭቅ ሁሉ ከሞላ ጎደል ከዚህ የሚነሳ ነው።

ኮቲኒን ሲጋራ ውስጥ ያለ ነገር አይደለም ማለት ይቻላል፤ የምንሠራው እኛው ነን። ኒኮቲን በሳንባ፣ በአፍ ወይም በቆዳ በኩል ደም ውስጥ ሲገባ ጉበት ተቀብሎ መሰባበር ይጀምራል። ከገባው ኒኮቲን ከመቶ 70 እስከ 80 የሚሆነው ወደ ኮቲኒን ይለወጣል። ስሙ ራሱ ኒኮቲን የሚለው ቃል በላቲን ፊደል ሲጻፍ ያሉት ፊደላት ቦታ ተቀያይረው የተሠራ ነው፣ የኬሚስት ቀልድ ይመስለኛል። ታዲያ ላቦራቶሪዎች ኒኮቲኑን ትተው ለምን ውላጁን ይፈልጋሉ? ኒኮቲን ስለማይቆይ ነው። በየሁለት ሰዓቱ ግማሹ ከደም ይጠፋል። ጠዋት ያጨሰ ሰው ማታ ደሙ ቢመረመር የሚገኘው ጥቂት ነው፤ አሁን አጭሶ የገባ ሰው ግን ብዙ ያሳያል። ኮቲኒን ግማሹ እስኪጠፋ በአማካይ 16 ሰዓት ገደማ ይወስድበታል። ስለዚህ በየቀኑ በሚያጨስ ሰው ደም ውስጥ እየተጠራቀመ ከጠዋት እስከ ማታ ብዙም የማይወዛወዝ ደረጃ ላይ ይረጋል። የምርመራው ጥቅም ያለው እዚህ መርጋት ላይ ነው።

ያ ደረጃ ስንት እንደሆነ በግምት ማስላት አይከብድም። የሚለካው በናኖግራም ነው፤ ናኖግራም የግራም ቢሊዮንኛ ነው። ሰው ከአንድ ሲጋራ ወደ ደሙ የሚያስገባው ኒኮቲን አንድ ሚሊግራም ገደማ ነው። በቀን የሚገባ እያንዳንዱ ሚሊግራም ደግሞ በአንድ ሚሊሊትር ደም ውስጥ 12 ናኖግራም ያህል ኮቲኒን ያቆማል። የአክስቴ ልጅ በደጉ ጊዜ በቀን አንድ ፓኬት፣ ማለትም 20 ሲጋራ ያጨስ ስለነበር ቁጥሩ 250 አካባቢ ይሆናል ማለት ነው። ሰው ከሰው ይለያያል፣ አንዱ ጭሱን ወደ ውስጥ ይስባል፣ ሌላው ግማሹን አመድ ያደርገዋል። ቢሆንም በቀን አንድ ፓኬት የሚያጨስ ሰው ከ100 በታች ሲያሳይ ብዙ አላየሁም።

አሁን ይህን 250 ይዘን እንቁጠር። የመጨረሻዋ ሲጋራ እሑድ ማታ 4 ሰዓት ላይ ጠፋች እንበል፣ ፓችም ማስቲካም የለም። ሰኞ ከቀኑ 8 ሰዓት ቁጥሩ 125 ይሆናል። ማክሰኞ ንጋት 12 ሰዓት ላይ 62፣ ማታ 4 ሰዓት 31። ረቡዕ ከቀኑ 8 ሰዓት 16 ይደርሳል። ሐሙስ ሲነጋ 8፣ ሐሙስ ማታ 4፣ ዓርብ ከቀትር በኋላ 2። ብዙ የቀዶ ሕክምና ክፍሎች ከ10 በታች የሆነ የደም ውጤት ይፈልጋሉ፤ በዚህ ሒሳብ ሰውየው ሐሙስ ጠዋት ያልፋል። አጫሹን ካላጫሹ ለመለየት በጥናት ሥራ ላይ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው 3 ናኖግራም ነው፤ በዚያ ከሄድን ደግሞ ዓርብ ይሆናል። ስለዚህ «ኮቲኒን በደም ውስጥ ስንት ቀን ይታያል?» ለሚለው ጥያቄ ትክክለኛው መልስ «ከስንት ጀምረህ፣ ስንት ላይ ነው የምትቆመው?» የሚል ሌላ ጥያቄ ነው። ከሦስት እስከ አምስት ቀን የሚባለው ለተለመደው አጫሽ ነው። ከባድ አጫሽና ጉበቱ ኒኮቲንን ቀስ ብሎ የሚሰብር ሰው ሳምንትና ከዚያ በላይ ሊቆይበት ይችላል።

ይህ «ቀስ ብሎ» ነገር ከዘር የሚወረስ ነው። ሥራውን የሚሠራው ኤንዛይም CYP2A6 ይባላል፤ አንዳንዱ ሰው ፈጣኑን፣ አንዳንዱ ዘገምተኛውን ይዞ ይወለዳል። በሌላ በኩል በእርግዝና ወቅት መስበሩ ይፈጥናል፤ ኮቲኒን ከ16 ሰዓት ይልቅ በ9 ሰዓት ገደማ ይገማመሳል። እዚህ ላይ አዋላጆች ሊሳሳቱ ይችላሉ። አንዲት ነፍሰ ጡር የኮቲኒኗ ቁጥር ከእርግዝናዋ በፊት ከነበረው በግማሽ ቀንሶ ስለታየ ማጨሷን በግማሽ ቀንሳለች ማለት አይደለም። እንደ በፊቱ እያጨሰች ሰውነቷ ቶሎ እያጠበው ሊሆን ይችላል።

ሽንት ላይ ሲሆን ነገሩ ትንሽ ይለወጣል። ኮቲኒን ሽንት ውስጥ ከደም ይልቅ ይበዛል፣ አምስት እጥፍ ያህል ልንለው እንችላለን፤ ስለዚህ የማለፊያው ቁጥርም ከፍ ይላል። በየፋርማሲው የሚሸጠው የሽንት ወረቀት ብዙ ጊዜ 200 ላይ ነው የሚቆመው። ላቦራቶሪ ግን እስከ 50 እና ከዚያ በታች ሊወርድ ይችላል። በ200 ወረቀት የአክስቴ ልጅ ሁለት ቀን ቢታገስ ሊያልፍ ይችል ነበር፤ ዝቅተኛውን በሚያይ ላቦራቶሪ ግን ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጠብቃል፣ የመጨረሻዋ እንጥፍጣፊ ከሰውነት ቀስ እያለች ነውና የምትወጣው። ምራቅ ከደም ብዙም አይርቅም፤ ጉንጭ ውስጥ ጥጥ ነገር ይዞ መቆየት ብቻ ስለሆነ ለሕፃናትና ለቤት ለቤት ጥናት ይወደዳል። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲሜትር ያህል ስለሚያድግ የወራት ታሪክ ይይዛል፤ ነገር ግን በቀለምና በማስለስለሻ ኬሚካል ይበላሻል፣ የኢንሹራንስ ሰዎችም ብዙም አይነኩትም።

ስለ ወረቀቱ ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልበል፤ በዚህ ብዙ ሰው ተደናግጦ አይቻለሁና። ወረቀቱ ላይ ሁለት ቦታ አለ፣ C የሚለው ወረቀቱ መሥራቱን ይነግርሃል፣ T የሚለው ውጤቱን። የእርግዝና ምርመራ የለመደ ሰው ሁለት መስመር ሲያይ «ተገኘብኝ» ብሎ ይደነግጣል። እዚህ ተገላቢጦሽ ነው። T ላይ መስመር ከወጣ፣ የደበዘዘ እንኳ ቢሆን፣ ኮቲኒኑ ከወሰኑ በታች ነው። መስመሩ ጨርሶ ሲጠፋ ነው ከወሰኑ በላይ የሚሆነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ፀረ እንግዳ አካል ኮቲኒን ካገኘ እሱን ይዞ ስለሚጠመድ መስመሩን መሥራት አይችልም፤ ካላገኘ ግን መስመሩ ላይ ይቀመጣል። ሌላም ጣጣ አለው። ጉበት ኮቲኒኑንም ይበልጥ ሰባብሮ ሌላ ውላጅ ያወጣል፤ ወረቀቱ ደግሞ ሁለቱን በደንብ አይለያቸውም። ስለዚህ የወረቀት ውጤት ብቻውን ለከባድ ውሳኔ መዋል የለበትም። ላቦራቶሪ ሞለኪውሎችን በክብደታቸው በሚለይ መሣሪያ፣ በማስ ስፔክትሮሜትር፣ ሊያረጋግጠው ይገባል።

«ውኃ በብዛት ብጠጣስ?» ያለኝ ሰውም አለ። ሽንቱ ይቀጥናል፣ ቁጥሩም ይወርዳል፣ እውነት ነው። ግን ላቦራቶሪው ከኮቲኒኑ ጎን ክሪያቲኒን የሚባለውን ይለካል፤ ይህ ጡንቻ በየቀኑ ተመሳሳይ መጠን የሚያመርተው ቆሻሻ ነው። ክሪያቲኒኑ በጣም ካነሰ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ሽንት ሳይሆን ውኃ ሊባል ምንም አልቀረውም፣ «ድገሙ» ተብሎ ይመለሳል። ለኢንሹራንስ ማመልከቻ ይህ ደግሞ ከአዎንታዊ ውጤት የባሰ ያጠራጥራል።

ሰዎች ከሁሉ በላይ የሚፈሩት የሌላ ሰው ጭስ ነው። «አጠገቤ ሲያጨሱ ነበር» የሚለው ቃል በየቀኑ ይሰማል። ጭስ የሚተነፍስ ሰው ኮቲኒን እንደሚያሳይ ጥርጥር የለውም። አሜሪካ ውስጥ በ1988 እና በ1991 መካከል በተደረገው ብሔራዊ የጤና ጥናት ትንባሆ የማይነኩ ሰዎች ደም ሲመረመር ከመቶ 88ቱ ላይ ኮቲኒን ተገኝቶ ነበር፤ ቢሮም አውሮፕላንም ሆቴልም ይጨስ በነበረ ዘመን ነው። በየቦታው ማጨስ ከተከለከለ በኋላ ይህ ወደ ሩብ ወርዷል። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች ያሳዩት ከአንድ ናኖግራም በታች የሆነ፣ የረቀቀ መሣሪያ ብቻ የሚያየው መጠን ነው። ከአጫሽ ጋር የሚኖር ሰው ጥቂት ናኖግራም ሊያሳይ ይችላል። መቶ ናኖግራም በጎረቤት ጭስ አይመጣም። ቲማቲም፣ ድንችና ባድንጃን ውስጥም ኒኮቲን አለ፣ ግን የሚያሳስብ አይደለም። ጫት ኒኮቲን የለውም፤ ከጫቱ ጋር የሚጨሰው ግን አለው።

ሺሻን ለብቻው ማንሳት አለብኝ። «ጭሱ በውኃ ይጣራል» የሚለውን እንደ እውነት የያዘ ሰው ብዙ ነው፤ የትንባሆ ሺሻ የሳበ ሰው ኮቲኒኑ ግን በግልጽ ይወጣል። ያገር ቤት ጋያም ያው ነው። ሱረትም፣ ቬፕም፣ በከንፈር ሥር የሚያዘውም ከረጢት ኒኮቲን ካላቸው ምርመራው ልዩነት አያደርግም። በተቃራኒው ከትንባሆ ነጻ ነው ተብሎ የሚሸጠው የቅጠላ ቅጠል ሺሻ ኒኮቲን ስለሌለው ኮቲኒን አያሳይም፤ ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን በትንፋሽ መለኪያ ላይ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። እዚህ ላይ ምርመራው ዕውር ነው። ጭስ ሳንባ ገብቷል ወይ ብለው ቢጠይቁት አያውቅም።

ሐኪም ቤቶች ታዲያ ለምን ይፈልጉታል? ዋናው ቀዶ ሕክምና ነው። ኒኮቲን ትንንሽ የደም ሥሮችን ያጠባል፣ ጭሱ ደግሞ በካርቦን ሞኖክሳይዱ የኦክስጅንን ቦታ ይወስዳል። የተሰፋ ቁስል ደግሞ የሚድነው ደምና ኦክስጅን ሲደርሰው ነው። ለዚህ ነው የአከርካሪ አጥንት የሚያጣምሩ፣ የጉልበት መገጣጠሚያ የሚቀይሩና ትልቅ ሄርኒያ የሚጠግኑ ሐኪሞች ቀጠሮው ሊደርስ አራት ሳምንት ሲቀር ሲጋራ አቁም የሚሉት። የቆዳና የመልክ ማስተካከያ የሚሠሩት ደግሞ ከሁሉም ጥብቅ ናቸው፤ ቆዳውን ከሥሩ ነቅለው ወደ ሌላ ቦታ ስለሚያዞሩት ደም ካነሰው ይሞታል። ሐኪሙ «አቁሜያለሁ» የሚለውን ቃል ከመስማት ቁጥሩን ማየት ይመርጣል። አንዳንዱ የቀዶ ሕክምናው ቀን ጠዋት ያስመረምርና ከወሰኑ ካለፈ ቀጠሮውን ይሰርዛል።

ፓች ላይ ያለ በሽተኛ እዚህ ላይ ይቸግራል። ፓች ለጥፎ የቆመ ሰው ኮቲኒኑ ሲጋራ ያጨስ ከነበረበት ግማሽ ገደማ ሊሆን ይችላል፤ ወደ 120 ማለት ነው። ወሰኑ 10 ከሆነ አያልፍም። ሐኪሙ የሚፈልገው ጭሱ መቆሙን ብቻ ከሆነ መፍትሔ አለ። አናባሲን የሚባል ሌላ ንጥረ ነገር ትንባሆ ቅጠል ውስጥ ይገኛል፣ በመድኃኒት ፋብሪካ በሚሠራው ፓችና ማስቲካ ውስጥ ግን የለም። ኮቲኒን ከፍ ብሎ አናባሲን ከጠፋ ሰውየው ፓች ላይ ነው፣ ትንባሆ አይደለም። አናባሲን ካለ ግን ፓቹን ለጥፎ ከላይ ሲጋራም ይጨምራል ማለት ነው። ሐኪሙ ኒኮቲኑን ራሱን የሚፈራ ከሆነ ደግሞ አናባሲን አይጠቅምም፤ ያኔ ፓቹም መነሳት አለበት። ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ ዝም ብላችሁ «ማጨስ አቁሜያለሁ» አትበሉ። ፓች ይፈቀዳል ወይ? የምትመረምሩትስ ኮቲኒን ብቻ ነው ወይስ አናባሲንም? ብላችሁ ጠይቁ። ሱሱን ለማስቆም የሚሰጡት ኒኮቲን አልባ ክኒኖች፣ ቫሬኒክሊንና ቡፕሮፒዮን፣ ኮቲኒን አያመጡም።

የኢንሹራንሱ ጥያቄ ሌላ ነው። የሕይወት ኢንሹራንስ ሻጭ የሚያሰላው ከሃያ ዓመት በኋላ ትኖራለህ ወይ የሚለውን ነው፤ የአጫሽ ክፍያ ከማያጨሰው ሁለት ሦስት እጥፍ መሆኑም የተለመደ ነው። ፎርሙ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው «ባለፉት 12 ወራት ትንባሆ ወይም ሌላ ኒኮቲን ያለበት ነገር ተጠቅመዋል?» የሚል ነው። ፎርሙ ዓመት ይጠይቃል፣ ምርመራው ቀናት ብቻ ያያል። በመካከሉ ያለውን ቀዳዳ ኩባንያው በሌላ ነገር ይሞላዋል፤ በሐኪም ማኅደርና በፋርማሲ በወጡ መድኃኒቶች መዝገብ። በአሜሪካ በብዙ ግዛቶች ኩባንያው ውሉ በተፈረመ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ ሰው ከሞተ ማመልከቻውን መልሶ መመርመር ይችላል። ያኔ ውሸት ከተገኘ ቤተሰብ ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል።

የጤና ኢንሹራንስን ከዚህ ጋር ማደባለቅ አይገባም። በኦባማ ኬር በሚባለው ሕግ ለግለሰብ በሚሸጠው የጤና ኢንሹራንስ የአጫሽ ጭማሪ እስከ ግማሽ ክፍያ ሊደርስ ይችላል፤ አጫሽ የሚባለውም ባለፉት ስድስት ወራት በሳምንት በአማካይ አራት ጊዜና ከዚያ በላይ ትንባሆ የተጠቀመ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ኒው ዮርክና ካሊፎርኒያ ጭማሪውን ጭራሽ ከልክለውታል። ቀጣሪዎችም አሉ፤ ኦሃዮ ያለው ክሊቭላንድ ክሊኒክ ከ2007 ጀምሮ አጫሽ አልቀጥርም ብሎ አዲስ ገቢዎችን በኮቲኒን መመርመር ጀምሯል። ለእኔ ይህ ኢ-ፍትሐዊ ነው፣ ፓች ለጥፎ ከሱስ ጋር የሚታገለውንና ፓኬት ጨርሶ የሚመጣውን በአንድ ሚዛን ያስቀምጣቸዋልና፤ ግን ይህ የእኔ ሐሳብ ነው።

ወደ የአክስቴ ልጅ እንመለስ። ፎርሙ ላይ «አልተጠቀምኩም» ብሎ ነበር፣ በልቡ «ሲጋራ አቁሜያለሁ» እያለ። ቢያቅማማም ደውሎ እንዲያርም አደረግኩት። ክፍያው እንደ አጫሽ ሆኖ ጸና፤ ኩባንያው ግን 12 ወር ሙሉ ኒኮቲን የሚባል ካልነካ ዋጋው እንደገና እንዲታይለት ማመልከት እንደሚችል ነገረው። ፓቹን በሐኪሙ ትእዛዝ ለስድስት ሳምንት ባለ 21ዱን፣ ለሁለት ሳምንት ባለ 14ቱን፣ ለሁለት ሳምንት ባለ 7ቱን ተጠቅሞ በየካቲት የመጨረሻውን ከክንዱ ላጠ።

በሚቀጥለው የካቲት መጨረሻ ላይ ደወለ። ሰላምታ አልነበረውም። «ዓመት ሞላኝ፣ ነገ ሽንቱን ልስጥ» አለኝ። ቁጥሩ ምንም እንደማያሳይ ሁለታችንም እናውቃለን። ፎርሙን አነበበልኝ፣ ያው ጥያቄ ነው፣ «ሌላ ኒኮቲን ያለበት ነገር» የሚለው ጋ ሲደርስ ድምፁ ዝግ አለ።

«በመስከረም» አለ፣ «ያ ትልቁ ድልድይ ላይ መንገድ ተዘግቶብኝ ሁለት ሰዓት ስቆም፣ ጓደኛዬ አንድ ማስቲካ ሰጥቶኝ ነበር። የኒኮቲኑን። አንድ ብቻ ናት ደግሞ።»

«ጋሼ፣ ይሄ ሽንትህ ውስጥ አይገኝም» አልኩት።

«እሱን አውቃለሁ። ግን ያነበብኩልሽ ጥያቄ ስለ ሽንት አይደለም።»

ወሮቹን በጣቱ ሲቆጥር ሰማሁት። ከዚያ «እስከሚቀጥለው መስከረም» አለና ፎርሙን ሳይልክ ዘጋው።